6.1 ላይ ሰማያዊ ኮሬክተር ጨምሬ ጫፉ አረንጓዴ፣ ሽበቱ ሰማያዊ ሆነብኝ፤ ስንት ግራም ነበር የሚገባው?

ፒያሳ_ጸጉር (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አጠገብ ትንሽ የሴቶች ጸጉር ቤት አለችኝ። ሹሩባና ካስክ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው፤ ቀለም መቀባት ከጀመርኩ ግን ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ዕለት የሠራሁት ጸጉር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ደንበኛዬ ልጇን በጥር የምትድር እናት ናት። ጸጉሯ ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ በብሊች ተከፍቶ ቡናማ ተቀብቶ ነበር፤ አሁን ቀለሙ ለቆ መሃሉ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሆኗል። ሥሩ ሦስት ጣት ያህል በቅሏል፤ ጥቁር ነው። ከግንባሯ ዳርና ከጆሮዋ በላይ ግማሹ ሽበት ነው። የጠየቀችኝ «ምንም ቀይ የማይታይበት፣ ረጋ ያለ ቡናማ» ነው።

6.1 ቲዩብ 40 ግራም አወጣሁ። ብርቱካናማውን እንዲገድልልኝ ብዬ ሰማያዊ ኮሬክተር 20 ግራም ጨመርኩ። የቀለሙ ወረቀት 1 ለ 1.5 ስለሚል 60 ሚሊ ዴቨሎፐር ቮልዩም 20 አደረግሁ። አንድ ሳህን ላይ በጥብጬ ከሥር እስከ ጫፍ ቀባኋት፤ 35 ደቂቃ ቆየ።

ሲታጠብ መሃሉ ከጠበቅሁት ጠቆረ፣ ግን ብርቱካናማው ጠፍቷል። ጫፉ ጭቃ የመሰለ አረንጓዴ ሆኗል። ሽበቱ ሰማያዊ ግራጫ ይዟል። ሥሩ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሰማያዊ ተጨምሮበት፣ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። እንዴት ነው አንድ ሳህን አራት ዓይነት ቀለም የሚሰጠው? ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እባካችሁ እርዱኝ።

---

የሐይቅ_ልጅ
አብሽሪ እህቴ፣ ይስተካከላል። ኮሬክተሩ በዝቶብሽ ነው። እኔ የተማርኩት ሕግ «11 ሲቀነስ የቀለሙ ደረጃ» የሚል ነው። ደረጃ 6 ከሆነ 11 ሲቀነስ 6፣ አምስት ይመጣል፤ ስለዚህ ከቲዩቡ አምስት ሳንቲሜትር ታወጫለሽ። አንቺ 20 ግራም ነው ያደረግሽው፤ በጣም ብዙ ነው።

ለአሁኑ አረንጓዴውን ለማጥፋት 6.3 ቀቢበት። ወርቃማው ሙቀት ስለሚሰጥ አረንጓዴውን ይሸፍነዋል።

---

ባቲዋ
ይቅርታ ጣልቃ ስገባ። ኮሬክተር ስትሉ ያ ብርቱካናማው አይደል? እኔ ከዓይኔ ሥር ላለው ጥቁረት ነው የምቀባው፣ ከፋውንዴሽን በፊት። ትንሽ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ሲበዛ በፋውንዴሽኑ ውስጥ አልፎ ይታያል። ሰማያዊ ኮሬክተር መኖሩን አሁን ገና ሰማሁ።

---

ኮምቦልቻ_ቀለም
ባቲዋ፣ ያንቺ የፊት ነው፤ እዚህ የተያዘው የጸጉር ነው። አሠራሩ ግን ዘመድ ነው። ከዓይን ሥር ያለው ጥቁረት ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ብርቱካናማ ይገድለዋል። እዚህ ደግሞ ጸጉሩ ብርቱካናማ ስለሆነ ሰማያዊ ይገድለዋል። «ትንሽ ብቻ» ያልሽው ለዚህም ይሠራል።

ፒያሳ_ጸጉር፣ እህቴ፣ እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ ዘጠኝ ዓመት፣ አሁን ደግሞ ኮምቦልቻ ስድስት ዓመት ቀለም ስቀባ ኖሬአለሁ። ያንቺን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። የጻፍሽው ዝርዝር ጥሩ ነው፤ ግራሙንና ደቂቃውን ስለነገርሽን ምን እንደሆነ ማየት ይቻላል።

አንድ ሳህን አራት ቀለም የሰጠሽ ከቀለሙ በታች አራት ዓይነት ጸጉር ስላለ ነው። ኮሬክተር የራሱን ቀለም ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ከበታቹ የሚገድለው ነገር ካገኘ ሁለቱም ይጠፋፋሉ፤ ካላገኘ እሱ ራሱ ይታያል።

መሃሉ ብርቱካናማ ነበር፤ ሰማያዊው የሚገድለውን አገኘ። የጠቆረው መጠኑ ስለበዛ ነው። ጫፉ ግን ቢጫ ነበር ብለሻል። ቢጫና ሰማያዊ ሲገናኙ ምን እንደሚወጣ ሕፃን ልጅ በውሃ ቀለም ያውቀዋል። በዚያ ላይ ጫፉ ብሊች የነካው፣ የተቦረቦረ ስለሆነ ቀለም እንደ ደረቅ መሬት ይጠጣል። ሽበቱ ምንም የራሱ ቀለም የለውም፤ ሰማያዊው የሚገድለው አጥቶ እንዳለ ተቀመጠበት። ሥሩ ደግሞ ጥቁር ነው፤ ደረጃ 3 ገደማ ብዬ እገምታለሁ። ቮልዩም 20 ጥቁሩን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ሲከፍተው ከውስጡ የሚወጣው ብርቱካናማ አይደለም፣ ቀይ ነው። ቀይን ሰማያዊ አይገድለውም፤ አረንጓዴ ነው የሚገድለው። ያ ሁሉ ሰማያዊ ሥሩ ላይ አደብዝዞት ይሆናል እንጂ ቀዩን አላጠፋውም።

የሐይቅ_ልጅ፣ ሕጉን በትክክል ነው ያነሳኸው፤ ሁለት ነገር ግን ጎድሎታል። አንደኛ፣ ያ አምስት በሳንቲሜትር ሳይሆን በግራም ነው የሚለካው፤ የሚመጣውም ለ60 ግራም ቀለም ነው። 40 ግራም ከሆነ ሦስት ግራም ከምናምን ነው። ሁለተኛው የ6.3 ምክርህ ነው። እባክሽ እህቴ፣ ይህን እንዳትሞክሪው። ወርቃማ ማለት ቢጫ ነው። አረንጓዴ ላይ ቢጫ ጨምረሽ የሚወጣው የበለጠ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴን የሚገድለው ቀይ ነው፤ መዳብ ቀለም ውስጥም ቀይ ስላለ ይሠራል።

---

የሐይቅ_ልጅ
እትዬ፣ አመሰግናለሁ፤ ስለ ወርቃማው ተሳስቻለሁ። ግን ሳንቲሜትሩን እኔ ከመምህሬ ነው የያዝኩት፤ እሷ እስከ ዛሬ በሳንቲሜትር ነው የምትሠራው፤ ሥራዋም ያምራል።

---

ኮምቦልቻ_ቀለም
ልክ ነህ፣ በሳንቲሜትር የሚሠሩ ጎበዞች አሉ። እጃቸው አንድ ቲዩብ ለምዷል ማለት ነው። የቲዩቡ አፍ ሰፊ ከሆነና ጠባብ ከሆነ ግን አንድ ሳንቲሜትር እኩል አይመዝንም፤ በጥንካሬ ስትጨምቀውና በዝግታ ስትጨምቀውም ይለያያል። የቀለም ዓይነት የቀየርክ ቀን ሳንቲሜትሩ ይከዳሃል። ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ቅመም የሚመዝኑበት ዓይነት፣ በቂ ነው። ሳህኑን አስቀምጠህ ዜሮ ታደርገዋለህ፣ ቀለሙን ትጨምራለህ፣ እንደገና ዜሮ አድርገህ ኮሬክተሩን ትመዝናለህ። ደንበኛ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ «ያንኑ አድርጊልኝ» ስትልህ ደብተርህ ላይ የሚኖርህ ቁጥር ያ ነው።

---

ሙጋድ_03
ከ11 ሳይሆን ከ12 ቀንሱ ይሉናል እኮ። ደረጃ 6 ከሆነ 6 ግራም። የትኛው ነው ትክክል?

---

ኮምቦልቻ_ቀለም
ከ10 የሚቀንሱም አሉ። እኔ 11 ነው የምይዘው፤ 12 የሚሉት ተሳስተዋል ማለት ግን አልችልም። የአንዱ ፋብሪካ ኮሬክተር ከሌላው የጠነከረ ነው። ሁላችንም የምንስማማበት ነገር አለ፦ ቀለሙ ደማቅና ክፍት እየሆነ ሲሄድ ኮሬክተሩ ይቀንሳል። ደረጃ 9 ላይ 2 ግራም ብቻ ነው፤ ደረጃ 4 ላይ 7 ይደርሳል። ክፍት ጸጉር ላይ ትንሹም ጠብታ ስለሚታይ ነው። ስለዚህ ለማታውቂው ቲዩብ በትንሹ ጀምሪ፣ ከጆሮ ኋላ አንዲት ዘለላ ላይ ቀብተሽ እዪ። የቀነሰ ይጨመርበታል፤ የበዛ ግን ያስቸግራል፣ እህታችን እያየችው ነው።

---

ፒያሳ_ጸጉር (ደሴ)
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ሽበቱን ግን እኔ እኮ 6.1 ራሱ ይሸፍነዋል ብዬ ነበር። ደግሞ ዴቨሎፐሩ 60 ሚሊ መሆኑስ ልክ ነበር? ለሚቀጥለው እንዴት ብዬ ላስላው?

---

ኮምቦልቻ_ቀለም
ከዴቨሎፐሩ ልጀምር። 40 ግራም በ1.5 ሲባዛ 60 ነው፤ ለቀለሙ ብቻ ልክ ነው። ኮሬክተሩን ግን አልቆጠርሽውም። ሳህንሽ ላይ የነበረው ክሬም በሙሉ 60 ግራም ስለሆነ 90 ሚሊ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ውሁዱ ወፍራም ሆኖ ቀለሙም ከሚገባው በላይ ጠገበ፤ መሃሉ የጠቆረብሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እዚህ ላይ ፋብሪካዎቹ አይስማሙም፤ አንዳንዱ ወረቀት ኮሬክተሩን ቁጠሪው ይላል፣ ሌላው ትንሽ ከሆነ ተይው ይላል። ሦስትና አራት ግራም ቢተውም ብዙ አይጎዳ። 20 ግራም ግን አይተውም።

ስለ ሽበቱ። 6.1 ውስጥ ያለው አመድማ ቀለም ነው፤ ሽበትን ብቻውን ይዞ አይሸፍንም፣ ሲይዝም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሽበት የሚፈልገው ከነጥቡ በኋላ ዜሮ ያለበትን ነው፣ 6.0 ወይም 5.0። እሱ ውስጥ ቀዩም ቢጫውም ሰማያዊውም ተመጣጥኖ ስላለ ለሽበቱ የጎደለውን ሁሉ ይሰጠዋል። ሁለት ቀለም የምንቀላቅለው በዋናነት ለዚህ ነው። ሽበቱ ሩብ ያህል ከሆነ እኔ አንድ እጅ ዜሮውን፣ ሦስት እጅ የምፈልገውን ቀለም አደርጋለሁ። ግማሽ ከሆነ ግማሽ በግማሽ። ከዚያ ካለፈ ዜሮው ይበልጣል።

የዚህችን እናት ጸጉር እኔ ከመጀመሪያው ብሠራው ሦስት ሳህን አቀርብ ነበር። ለሥሩ 6 አልልም፤ ከጥቁር ወደ 6 በቮልዩም 20 አይደረስም፣ ቮልዩሙን ብትጨምሪ ደግሞ ሽበቱ በደንብ አይያዝም። ስለዚህ 5 እይዛለሁ፦ 5.0 ሃያ ግራም፣ 5.1 አሥር ግራም፣ ኮሬክተር የለም፣ 45 ሚሊ ቮልዩም 20። ዜሮውን ከግማሽ ያበዛሁት አመድማው ሽበቱ ላይ እንዳያይል ነው። ሥሩ ቡናማ ውስጥ ትንሽ ሙቀት ይኖረዋል፤ ይህን ለደንበኛዋ ቀድሜ እነግራታለሁ። «ምንም ቀይ የማይታይበት» ከጥቁር ጸጉር ላይ በአንድ ቀን ቃል የሚገባ ነገር አይደለም።

መሃሉ ላይ 6.0 ሃያ፣ 6.1 ሃያ፣ በድምሩ 40 ግራም። ሰማያዊው ኮሬክተር የሚገባው እዚህ ብቻ ነው። ለ60 ግራም አምስት ከሆነ ለ40 ሦስት ግራም ተኩል አይሞላም፤ እኔ 3 አደርገዋለሁ፣ 6.1 ራሱ ሰማያዊ ስላለበት። ዴቨሎፐሩ 43 በ1.5፣ ወደ 65 ሚሊ ነው።

ጫፉ ቢጫ ነበር፤ ከ8 ወደ 6 ነው የምታወርጂው። እሱ ጸጉር ብሊቹ ቀዩንና ብርቱካኑን ወስዶበታል፤ የጎደለውን ሳትመልሺለት አመድማ ከሰጠሽው ይጨቀያል። 6.0 አሥራ አምስት፣ 6.4 አምስት፣ በ30 ሚሊ ቮልዩም 10። መዳቡን ስታይ አትፍሪ፤ ባዶው ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም።

---

የሐይቅ_ልጅ
እትዬ፣ እኔ ብሆን ለሥሩ ቀላል መንገድ እይዝ ነበር። 5 እና 7 እኩል ስንቀላቅል 6 ይሆናል አይደል? ሥሩን 5.0 ከ7.0 ግማሽ በግማሽ ብታደርገው ከመሃሉ ጋር ይገጥምላታል።

---

ኮምቦልቻ_ቀለም
ወረቀት ላይ 6 ነው። ጸጉር ላይ ግን ጠቆር ያለው ቀለም ያሸንፋል፤ እኩል ስትቀላቅል ወደ 5 የቀረበ ነው የሚወጣው። በትክክል 6 ከፈለግህ 7ቱን ታበዛዋለህ፣ ወይም 6 ቲዩብ ትገዛለህ። ደግሞ 7.0 ቀለም ስለሆነ ብቻ ጥቁሩን ሥር አይከፍተውም፤ የሚከፍተው ዴቨሎፐሩ ነው፤ እሱም ድሮ የተቀባ ቀለም ላይ ምንም አያደርግም። አዲስ ቀለም አሮጌ ቀለምን አያነሳም።

---

ከሚሴ_እናት
እኔም የራሴን ልጠይቅ። ሽበቴን በሂና ነው የምቀባው፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ብርቱካናማ ነው። እናንተ ብርቱካናማን ሰማያዊ ይገድለዋል ስትሉ ደስ አለኝ። ከሰማያዊው ትንሽ ገዝቼ ሂናው ላይ ብቀባ ቡናማ ይሆንልኛል?

---

ኮምቦልቻ_ቀለም
እሜቴ፣ እባክዎ ብቻዎን አይሞክሩት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሂናው ቅጠሉ ተወቅጦ የሚሸጠው ነው ወይስ በካርቶን የታሸገ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ሂና የሚል ነው? ንጹሑ ቅጠል ከሆነ ቀለም ይቀበላል፣ ምንም እንኳን ቢያስቸግር። በታሸገው ውስጥ ግን የብረት ጨው የሚጨመርበት አለ። እሱ ያለበት ጸጉር ዴቨሎፐር ሲነካው ይግላል፣ ይጨሳል፣ ጸጉሩ ይቆረጣል። ከማበጠሪያዎ ላይ የወደቀ ጸጉር ሰብስበው ጸጉር ቤት ይውሰዱት። ትንሽ ዴቨሎፐር ብርጭቆ ውስጥ፣ ጥቂት ጠብታ አሞኒያ ተጨምሮበት፣ ጸጉሩን ግማሽ ሰዓት ይነክሩታል። ከሞቀ፣ አረፋ ከደፈቀ ወይም ቀለሙ ወዲያው ከተለወጠ ያ ጸጉር አድጎ ተቆርጦ እስኪወጣ ቀለም አይነካውም።

---

ከሚሴ_እናት
አላህ ይስጥሽ ልጄ። ሁለቱንም ተቀብቻለሁ፣ እንደ ገበያው ነው። ጸጉሩን ይዤ እሄዳለሁ።

---

ሙጋድ_03
ሳይረሳ፣ ጥቁር ሂና ቆዳ አሳክኮት የሚያውቅ ሰው በሳጥን ቀለምም ሊያብጥ ይችላል፤ ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነገር ሊኖር ስለሚችል። እኔ እህቴ ላይ አይቻለሁ፤ ዓይኗ ተደፍኖ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ከጆሮ ኋላ ወይም ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ ማየት ነው።

---

ፒያሳ_ጸጉር (ደሴ)
የነገራችሁኝን ጻፍኩ። ለአሁኑ ጉዳትስ? አረንጓዴው ላይ 6.0 አሥራ አምስትና 6.4 አምስት ያላችሁትን ነው የምቀባው? ሽበቱስ?

---

ኮምቦልቻ_ቀለም
መጀመሪያ አንድ ሳምንት በደንብ ትታጠብ፤ የሰማያዊው ትርፍ ጥቂቱ ይወጣል። ከዚያ ጫፉ አሁን ጨልሟልና በ6 እንደገና አታጨልሚው። 7.0 አሥራ አምስት ግራም፣ 7.4 አምስት ግራም፣ ቮልዩም 10 ሠላሳ ሚሊ። ደቂቃውን አትመኚ፤ በየአምስት ደቂቃው አንዲት ዘለላ በፎጣ ጠርገሽ መስኮት ጋ ውሰጂና እዪ። አረንጓዴው የጠፋበት ደቂቃ ላይ እጠቢያት፤ አሥር ላይ ሊሆን ይችላል። ካለፍሽው ወደ መዳብ ይዞራል።

ሽበቱ ላይ 6.0 ብቻውን፣ ቮልዩም 20፣ ሙሉ ሰዓቱን። ብሩሽሽን ጠቅጥቀሽ ቀቢ፣ ሽበት ቀጭን ቀለም አይወድም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ደሴ በጥር ጠዋት ጸጉር ቤቱ ይቀዘቅዛል። እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ ስሠራ ቀለሙ ቶሎ ሲይዝ ነው ልዩነቱ የገባኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ደቂቃ ለሞቀ ክፍል ነው። ማሞቂያ ከሌለሽ ከሰዓት በኋላ ቅጠሪያት።

---

ፒያሳ_ጸጉር (ደሴ)
*ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ*

ትናንት ሠራኋት። ሚዛን ገዛሁ። ጫፉ ላይ 7.0 እና 7.4 ልክ እንዳላችሁት አደረግሁ፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ አረንጓዴው ገና ነበር፣ በአሥራ ሁለተኛው መስኮት ጋ ሳየው ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ወዲያው አጠብኩ። ከመሃሉ ጋር ፍጹም አንድ አይደለም፣ ጫፉ ትንሽ ይሞቃል፤ እሷ ግን ወደደችው። የቀኙ ሽበት በ6.0 ተሸፈነ። በግራ በኩል ከጆሮዋ በላይ አንዲት ጣት ያህል ቦታ ብርሃን ሲመታው ሰማያዊ ጥላ አለው። በዚያ በኩል መጀመሪያ ነበር የቀባሁት፣ ቅዳሜ ዕለት፤ ረጅም ጊዜ ቆይቶበታል። እንደገና 6.0 ልድገምበት ወይስ ይቅር?

---

ኮምቦልቻ_ቀለም
እንኳን ደስ አለሽ። አትድገሚው፤ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ቆዳዋን አትንኪ፣ ከሰርጉ በፊት እንዳያሳክካት። በሁለት ሦስት እጥበት ይለቃል። ካልለቀቀ ከሰርጉ ሦስት ቀን አስቀድመሽ 6.0 አምስት ግራም ውስጥ ከ6.4 ሩብ ግራም ያህል፣ የብሩሽ ጫፍ ብቻ፣ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ።

---

የሐይቅ_ልጅ
እትዬ፣ ሰማያዊ ጥላን ብርቱካናማ ይገድለዋልና ነው 6.4ቱ? ታዲያ ሩብ ግራም በሚዛን ይታያል?

---

ኮምቦልቻ_ቀለም
አዎ፣ ለዚያ ነው። ሩብ ግራም ግን በብዙዎቹ ሚዛን አይታይም። እኔ 20 ግራም 6.0 ውስጥ አንድ ግራም 6.4 ቀላቅዬ ከዚያ አምስት ግራም እወስዳለሁ፤ የቀረው ይደፋል። ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለው ሰው ካለ ይንገረን፤ ቀለም መድፋት ያሳዝነኛል።

---

ሙጋድ_03
እኔ ዴቨሎፐር ሳልጨምር ሁለቱን ክሬም ቀድሜ ቀላቅዬ በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጣለሁ፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ። እስካሁን ለአንድ ሳምንት ይዞልኛል። ከዚያ በላይ የሞከረ አለ?